እስከ ጥቅምት 30 ሳንዝል፦ የሒሳብ ቢሮዎች ጥያቄና መልስ

በሒሳብና ኦዲት ቢሮዎች ውስጥ በቡድን መሪነት ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። ዛሬ ለመድረካችን አባላት የምመልሰው የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳብ ከሚዘጋበት ከሰኔ 30 ጀምሮ እስከ ማሳወቂያው ማብቂያ እስከ ጥቅምት 30 ስላለው ወቅት ነው። ስትጠይቁ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ስንት ደንበኛ እንደቀራችሁ ጻፉልኝ። ያለ ቁጥር ስለ ሥራ ብዛት መነጋገር አይቻልም።

«አምስት ነን። ከአዲስ ዓመት በኋላ 20 ደንበኞች ይቀሩናል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንድ ሰው ይታመማል፣ አንድ ሰው ይለቃል። ሥራውን እንዴት ላከፋፍለው?» (የቡድን መሪ፣ አዲስ አበባ)

ከማከፋፈልዎ በፊት ሥራው ከሰዎችዎ አቅም ጋር ይመጣጠን እንደሆነ ያስሉ። ከመስከረም 2 እስከ ጥቅምት 30 ስምንት ሳምንት ከጥቂት ቀናት ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ቢታሰብ ለአንድ ሰው 384 ሰዓት ይደርሰዋል። ነገር ግን ወርኃዊው የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማሳወቂያ በዚህ ወቅትም አይቆምም። የደንበኛ ስልክና ወደ ግብር ቅርንጫፍ መመላለስም አለ። እኔ ለዚህ ሁሉ አንድ ሦስተኛውን እቀንሳለሁ። ስለዚህ ለዓመታዊ ሒሳብ የሚተርፈው ለአንድ ሰው 256፣ ለአምስቱ 1,280 ሰዓት ነው።

አሁን ሥራውን ይመልከቱ። የአንድ ደንበኛ ፋይል በአማካይ 80 ሰዓት ይወስዳል እንበል፤ የእርስዎን ቁጥር ካለፈው ዓመት የሰዓት መዝገብ ያውጡ። ሃያዎቹ ፋይሎች 1,600 ሰዓት ይጠይቃሉ። ጉድለቱ 320 ሰዓት ነው። በየጥቅምቱ ሰው የሚያሳምምብዎ ይህ 320 ሰዓት ነው። ማን እንደሚሸከመው ማንም ስላልወሰነ፣ እምቢ ማለት የማይችለው ሰው ይሸከመዋል፤ ብዙ ጊዜም ከሁሉ ጎበዙ እርሱ ነው።

እያንዳንዱ ሰው በሳምንት ስድስት ሰዓት ትርፍ ቢሠራ 240 ሰዓት ይገኛል። የሚቀረው 80 ሰዓት ነው፤ ይህም አንድ ሙሉ ፋይል ማለት ነው። የትኛው ፋይል እንደሚነሣ በስሙ ተጠርቶ ነሐሴ ላይ መወሰን አለበት። ወይ ለሌላ ቢሮ ይተላለፋል፣ ወይ የሦስት አራት ደንበኞች የራሳቸው ሒሳብ ሠራተኞች የባንክ ማስታረቂያውን ሠርተው፣ ደረሰኙን ለይተው እንዲያቀርቡ ይደረግና ያው 80 ሰዓት ከዚያ ይቆጠባል። ውሳኔውን ለጥቅምት ካቆዩት ደንበኛው ሌላ ቢሮ ለመፈለግ ጊዜ አይኖረውም፣ እርስዎም ምርጫ አይኖርዎትም።

ከዚያ ሰንጠረዡን ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የያዘው ፋይልና የታቀደለት ሳምንታዊ ሰዓት ይስፈር፤ የእርስዎም ስም ከላይ ይሁን። ማታ የሚማር ወይም ጡት የምታጠባ ካለች ከመጀመሪያው ተነግሮ ሰዓቷ ይቀነስ። ሰኞ ጠዋት ለሃያ ደቂቃ ተሰብሰቡና ያለፈው ሳምንት እውነተኛ ሰዓት ይነበብ። ከዕቅዱ ያለፈ ሰው ካለ አንድ ሥራ በዚያው ሰዓት ከእርሱ ላይ ይነሣ። አዲስ ሥራ ሲጨመርም የሚነሣው ሥራ አብሮ ይጠራ። ይህን የማታደርጉ ከሆነ ሰንጠረዡን ባትሰቅሉት ይሻላል፤ ሰው ሸክሙ እንደታየለት አውቆ ማንም ሳያነሣለት ሲቀር ይበልጥ ይሰበራል።

«ደንበኞቼ ሰነድ የሚያመጡት ጥቅምት 20 ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደውለው ‹አለቀ?› ይላሉ። ምን ልበላቸው?» (የግል ሒሳብ አዋቂ፣ ሐዋሳ)

ጥቅምት 20 ላይ የሚባል ነገር የለም። የሚባለው ሐምሌ ላይ ነው፤ በጽሑፍ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ቢል ይበቃል፦ «ሙሉ ሰነድ እስከ መስከረም 20 ከደረሰን ረቂቁን እስከ ጥቅምት 15 እናስረክባለን። ከመስከረም 20 በኋላ የሚደርሰን ሰነድ በወረፋ መጨረሻ ይስተናገዳል፤ በጥቅምት 30 ለመድረሱ ቃል አንገባም።» ሙሉ ሰነድ ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ዘርዝሩ፦ የዓመቱ የባንክ መግለጫ፣ የሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራ ወረቀት ከቆጣሪዎቹ ፊርማ ጋር፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የብድር ውል። «ሰነድ አስገብቻለሁ» የሚል ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የቆጠራውን ወረቀት አላስገባም።

የደብዳቤው ቅጂ ለሠራተኛው ሁሉ ይድረስ። ደንበኛ ሲጮህበት ወረቀቱን የሚያሳይ ሠራተኛ ጩኸቱን በራሱ ላይ አይወስደውም። ማራዘሚያ የምትጠይቁ ካላችሁ ማመልከቻው ቀነ ገደቡ ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ይቅረብ። የማሳወቂያው ጊዜ ቢራዘምም ግብሩ የሚከፈልበት ቀን አብሮ እንደማይራዘም ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

«ሕጉ በሳምንት 12 ሰዓት ትርፍ ሥራ ይፈቅዳል። እኛ ስምንቱንም ሳምንት 12 እናሠራለን፤ እንከፍላለንም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» (የቢሮ ባለቤት)

ግማሹ ልክ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ግን ጣሪያው ነው። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደውም አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ አስቸኳይ ሥራ አንዱ ነው። በየዓመቱ በአንድ ቀን የሚመጣን ነገር ድንገተኛ አስቸኳይ ሥራ ማለት ይከብዳል። ሒሳቡንም ይዩት፦ ስምንቱንም ሳምንት ጣሪያው ላይ ካቀዱ፣ አንድ ሰው ለሦስት ቀን ሲታመም የእርሱን ሥራ የሚወስድ ሰው የለም። እኔ ስድስት ያልኩት ለዚህ ነው። ቀሪው ስድስት ለክፉ ቀን ይቀመጣል።

*ሌላ አባል፦* እኛ ዘንድ ማን ይከፍላል? «የቡድን መሪ ነህ» ይባላል፣ ያበቃል።

*የቢሮ ባለቤቱ፦* የሥራ መሪ በአዋጁ አይሸፈንም። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም።

*ሌላ አባል፦* ሦስት ሰው የሚመራ ሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መሪ ነው ማለት ነው?

ማዕረጉ ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም፤ የሚታየው በእርግጥ ያለው ሥልጣን ነው። ክርክሩን በሌላ ቀን ቀጥሉት። ለዛሬው የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ በተግባር ጣሪያ የሌለው ሰው ቡድን መሪው ስለሆነ፣ ሰዓቱ ሰንጠረዡ ላይ ቀድሞ ይጻፍ።

«ድካምን ለመከላከል ምን ይመክራሉ?»

የቱን ድካም? የማንን? በየትኛው ሳምንት? መግቢያውን ያንብቡና እንደገና ይጠይቁ።

«የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። አለቃዬ ‹ሁላችንም በዚህ አልፈናል› ይለኛል። ደክሞኝ ነው ወይስ ዝያለሁ? እንዴት ላውቅ እችላለሁ?» (ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ)

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። የደከመ ሰው እሑድን አርፎ ሰኞ ይመለሳል። የዛለ ሰው ሰኞ ጠዋትም ቅዳሜ ማታ እንደነበረው ነው። በወረቀትሽ ላይም ይታያል። ተቆጣጣሪሽ የሚመልስልሽን ማስተካከያ ተመልከቺ፤ ያው ስሕተት ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ፣ ቀድሞ በአንድ ሰዓት የምትጨርሺው የባንክ ማስታረቂያ ግማሽ ቀን ከወሰደ፣ ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። ከዚህ ይበልጥ የምፈራው ጥያቄ ማቆምን ነው። ጀማሪ ሠራተኛ መጠየቅ ትታ «እሺ፣ ምንም አይደለም» ማለት ስታበዛ፣ የደንበኛው ሒሳብ ይመጣጠን አይመጣጠን ግድ ሳይሰጣት ሲቀር፣ ነገሩ ከድካም አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሥራ መዛልን ሲገልጽ አቅም ማጣትን፣ ከሥራ በልብ መራቅንና ውጤታማነት መቀነስን በአንድነት ያነሣል።

ለአለቃሽ «ደክሞኛል» አትበይው። የያዝሻቸውን ፋይሎች፣ ለእያንዳንዱ የቀረውን ሰዓትና እስከ ቀነ ገደቡ ያለሽን ሰዓት በአንድ ገጽ ጻፊና «ከእነዚህ የትኛው ይቅደም? የትኛውስ ይቆይ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ «ሁሉም ይቅደም» ከሆነ በኢሜይል ድገሚለት፤ በጽሑፍ ሲሆን ሰው ያስባል።

«እኔ ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። ቡና ላቁም ወይስ ቫይታሚን ልውሰድ?»

ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ የእኔ ሥራ አይደለም።

«ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ዘገምተኛውን ሰው ማዋረድ አይሆንም? እኛ ዘንድ ተሞክሮ አንዲት ልጅ አልቅሳ ወጣች።» (የሰው ሀብት ባለሙያ)

የተለጠፈው የታቀደ ሰዓት ነበር ወይስ የተጠናቀቀ ፋይል ብዛት? የተጠናቀቀ ብዛት ከሆነ የእሽቅድምድም ሰሌዳ ነው የሰቀላችሁት፤ ይወረድ። የእኔ ሰንጠረዥ የሚያሳየው ማን ስንት እንደተሸከመ ነው።

*የሰው ሀብት ባለሙያዋ፦* የታቀደ ሰዓት ነበር፣ እትዬ። ግን ሰኞ ሰኞ እውነተኛው ሰዓት ሲነበብ፣ ሌሎቹ በ70 የጨረሱትን እርሷ በ110 መጨረሷ ታየ።

*ሌላ አባል፦* ታዲያ ይታወቅ እንጂ! ተደብቆ ቢቆይ ጥቅምት ላይ ማን ሊሸፍን ነው?

*ሌላ አባል፦* እንደዚያ ቢነበብ እኔ ሰዓቴን ቀንሼ እጽፋለሁ። ሁሉም ሰው እንደዚያው ያደርጋል።

ሰዓት ቀንሶ መጻፍ የምሬን የሚያስፈራኝ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በሐሰት ቁጥር ይሠራልና። የልጅቷ ፋይል 110 የፈጀው ሰነዱ የተዝረከረከ ስለነበር ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነበር። ሆኖም የግል ልዩነት በአደባባይ ይነበብ ወይስ ለብቻ ይነገር የሚለው ላይ ያነሡት ነገር ክብደት አለው። አነስተኛና የሚተማመን ቡድን ውስጥ ይነበባል። በአዲስ ቡድን ድምሩ ብቻ ተነቦ የግሉን ለብቻ መናገርም ያስኬዳል።

«ደንበኛ ሰነድ ካዘገየ ምን እናድርግ?»

ተመልሷል። ሐዋሳ ያሉትን ጠያቂ ይመልከቱ። ደብዳቤ፣ ሐምሌ ላይ፣ በጽሑፍ።

«እኔ የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 እስከ እኩለ ሌሊት እንቆያለን። ይህ ለእኛም ይሠራል?»

ባንክ በር ላይ የቆመን ሰው ለሌላ ቢሮ ማስተላለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ፋይል የማንሣቱ መንገድ ለእናንተ አይሆንም። የእናንተ የአንድ ሳምንት ግፊት ነው፣ የእኛ የአራት ወር። በተራ መግባትና በማግሥቱ ማረፍ ይበጃችኋል።

«ጥቅምት 30 ካለፈ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈቃድ ይጠይቃል። ማንን ላስቀድም?» (የቡድን መሪ፣ ባሕር ዳር)

የፈቃዱ ተራ ከሥራ ሰንጠረዡ ጋር ነሐሴ ላይ ይጻፍ፤ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከስማቸው ትይዩ። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስወጣት ካልተቻለ ኅዳር ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ለእያንዳንዱ ይድረሰው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይውጡ። ከትርፍ ሰዓት ዕቅዱ በላይ የሠራ ሰው ይቅደም፤ የሰኞው ንባብ ማን እንደሆነ ያሳይዎታል። የጥቅምት ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ኅዳር ውስጥ ስለሚወድቅ፣ እርሱን የሚሠራው ሰው በስም ተለይቶ ፈቃዱ ለታኅሣሥ ይያዝለት።