የተራራ መንገድ ለምን አጭሩን ርቀት ያስረዝማል? ጥያቄ ያላችሁ ጣሉ

መንገዱ፦ ሰላም ቤተሰብ። የተራራ መንገድ ዲዛይን ላይ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ከዛ በፊት ደግሞ ተሳቢ ነድቻለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ ስለ ዳገት፣ ቁልቁለትና መታጠፊያ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የቱ መኪና ይሻላል አትበሉኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ቁልቁለት በፍሪ አይወረድም።

ሳምሪ፦ ጋሼ፣ ካርታ ላይ ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ 6 ኪሎ ሜትር ናቸው፣ እኛ ግን 40 ደቂቃ ፈጀብን። ለምን ቀጥ አርገው አልሰሩትም?

መንገዱ፦ ካርታው ጎኑን ብቻ ነው የነገረሽ፣ ቁመቱን አልነገረሽም። የላይኛው ከተማ ከታችኛው 900 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በ6 ኪሎ ሜትር ቀጥታ ከወጣሽ በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር መውጣት አለብሽ ማለት ነው። ባዶ ፒክአፕ ይወጣዋል። የተጫነ ተሳቢ ግን ወይ መሃል ላይ ይቆማል ወይ ደግሞ ሲወርድ ማንም አያቆመውም። ስለዚህ ዲዛይነሩ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ገደማ ብቻ እንዲወጣ ያደርገዋል፣ በዚህ ሂሳብ 900 ሜትር ለመውጣት 15 ኪሎ ሜትር መንገድ ይፈልጋል። ተራራው ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ቦታ አይሰጥም፣ ገደል ወይ ሸለቆ ጋ ሲደርስ ዞሮ መመለስ አለበት፣ ዙሮቹ የመጡት በዚህ ነው። በየዙሩ ላይ ዳገቱን ትንሽ ማለዘብ ስላለብህ እዛም ርዝመት ይጨመራል፣ 17 ኪሎ ሜትር በይው። 6 የነበረው 17 ሆነ፣ ገና ስለ ፍጥነት ሳናወራ።

ባለ ፒክአፑ፦ ዙሩ ላይ ለምንድነው ዳገቱን የሚያለዝቡት? እዛ ጋ ቢወጡት ያጥር ነበር እኮ።

መንገዱ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ እንደዚህ ጠይቁኝ። ዙር ላይ ሁለቱ ሌኖች እኩል ርዝመት የላቸውም። የውስጠኛው ከመሃሉ 8 ሜትር ላይ የሚዞር ከሆነ ግማሽ ክቡን ለመዞር 25 ሜትር ይሄዳል፣ የውጪኛው 16 ሜትር ላይ ከሆነ 50 ሜትር ይሄዳል። ሁለቱም ግን የሚወጡት ከፍታ አንድ ነው። በዛ ዙር 2 ሜትር ተኩል ከወጡ ለውጪኛው በመቶ 5 ነው፣ ለውስጠኛው በመቶ 10። በውስጥ በኩል የሚወጣ ከባድ መኪና መሪው ሙሉ ታጥፎ፣ ፍጥነቱ ሞቶ፣ የኋላ ጎማው ውስጡን እየበላ ነው ይሄ እጥፍ ዳገት የሚገጥመው። በተሳሳተ ማርሽ ከገባ እዛው ይቆማል፣ ከቆመ ደግሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ረጅም መኪና ዙሩን ለመጨረስ የሌላውን ሌን መውሰዱም የግድ ነው፣ ሹፌሩ ባለጌ ስለሆነ አይደለም። ከታች የምትመጡ ዙሩ ላይ ተሳቢ ካያችሁ ከዙሩ በፊት ቆማችሁ አሳልፉት፣ አፍንጫችሁን አታስገቡ።

ናቲ፦ እኔ ጋ አንድ ዙር ላይ 20 የሚል ሰሌዳ አለ። በ40 አልፌዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ለፍርሃት ነው የሚለጥፉት?

መንገዱ፦ ራዲየሱ 15 ሜትር አካባቢ ከሆነ በ40 አላለፍከውም። ወይ ዙሩ ካልከው ሰፊ ነው፣ ወይ ደግሞ የሌላውን ሌን ቆርጠህ ነው ያለፍከው፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የምገምተው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወደ ውጪ የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሜትር ላይ በ20 ስትዞር ከክብደትህ አንድ አምስተኛውን ያህል ነው ወደ ጎን የሚገፋህ፣ ተሳፋሪው ትንሽ ያጋድላል። በ40 ከሆነ ከክብደትህ 80 ከመቶ ያልፋል፣ ይሄ ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ ሊይዘው የሚችለው ጫፍ ነው። አሸዋ ወይ ዝናብ ካለ ያልቃል። ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ደግሞ ከመንሸራተቱ በፊት ይገለበጣል። ሌን ቆርጠህ ስታልፍ ከላይ ተሳቢ ቢመጣ ምን ልታደርግ ነበር?

ናቲ፦ እሺ ጋሼ፣ ቆርጬ ነበር። ግን የሚመጣ አልነበረም።

መንገዱ፦ አይታይህም ነበር ማለትህ ነው። 30 ሜትር ብቻ በሚታይበት ኩርባ በ50 ከገባህ፣ አይተህ እግርህ ፍሬን እስኪረግጥ 20 ሜትር ሄደሃል፣ ለመቆም ሌላ 19 ሜትር ገደማ ትፈልጋለህ። 40 ሜትር በ30 ውስጥ አይገባም። ቁልቁለት ከሆነ ይብሳል።

ቁጥሩ፦ ግን እናንተ ሰዎች ታጋንናላችሁ። 40 ኪሎ ሜትር መንገድ ግማሹ ሜዳ ቢሆንና በ80 ብትሄድ፣ ግማሹ ተራራ ሆኖ በ25 ብትሄድ፣ አማካዩ 52 ነው። ያን ያህል አይዘገይም።

ሳምሪ፦ ታዲያ እኛ ለምን ሰዓት አለቀብን?

ባለ ተሳቢው፦ ቁጥሩ፣ ወንድሜ፣ ሜዳው 15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ተራራው 48። ድምሩ 63 ደቂቃ። 40 ኪሎ ሜትር በ63 ደቂቃ 38 ነው የሚመጣው እንጂ 52 አይደለም።

ቁጥሩ፦ አማካይ ማለት ግን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው የተማርነው።

ባለ ተሳቢው፦ በሰዓት ብትከፍለው ልክ ነህ፣ ግማሹን ሰዓት እዛ ግማሹን እዚህ ብትሆን። አንተ የከፈልከው ርቀቱን ነው።

መንገዱ፦ ባለ ተሳቢው ጨርሶታል። ሜዳው ላይ 80ውን 100 ብታደርገው የምታተርፈው 3 ደቂቃ ነው፣ ተራራው አንተን ይጠብቅሃል። በዙሮቹ መሃል 200 ሜትር ብቻ ካለ ደግሞ ሳትፈጥን ነው ሌላኛው ዙር የሚመጣው።

ሄለን፦ ጠመዝማዛ ላይ ሁሌ ያስመልሰኛል፣ ምን ላድርግ?

መንገዱ፦ ሐኪም ጠይቂ። ከፊት ተቀመጪ፣ ስልክ አትይ።

ባለ ፒክአፑ፦ ዳገት ሲወጣ መዘግየቱ ይገባኛል፣ ሞተሩ አይችልም። ሲወርድ ግን ለምን ያው ሰዓት ይፈጃል?

መንገዱ፦ እስካሁን ይሄን ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። ያንኑ 900 ሜትር ውሰዱ፣ 30 ቶን የሆነ መኪና። 300 የፈረስ ጉልበት ካለው በመቶ 6 ዳገት በ30 ገደማ ነው የሚወጣው። መኪናው ጫፍ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ጉልበት የትም አልሄደም፣ ከፍታ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሲወርድ ሁሉንም ሙቀት አርጎ ማውጣት አለበት። የጎማው መፋተግ የሚበላውን ቀንሰንለት እንኳ የቀረው ሶስት ሙሉ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላት ይችላል። ሌላ ካላገዘው ይሄ ሁሉ የሚገባው ፍሬን ሸራና ታምቡር ውስጥ ነው።

በዝግታ ብትወርድም በፍጥነት ብትወርድም የሙቀቱ ድምር ያው ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። በ60 ስትወርድ በየሰከንዱ የሚገባው ሙቀት በ30 ከምትወርደው እጥፍ ነው፣ ታምቡሩ ደግሞ ሙቀቱን ለነፋስ ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል። በ30 ከሆነ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ አብዛኛውን ይይዝልሃል፣ በ60 አይችልም፣ የቀረው በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ሲጀምር እንዴት ታውቃለህ? መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ለዛው ፍጥነት ፔዳሉን ከበፊቱ አብዝተህ መርገጥ ትጀምራለህ፣ ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው እየራቀ ነው። በትንንሽ መኪና ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፣ ያኔ ፔዳሉ ልል ሆኖ ወለል ድረስ ይሄዳል። ሽታው ላይ ነው መቆም ያለባችሁ። ጭስ ስታዩ ዘግይታችኋል። ከቆማችሁ በኋላ ታምቡሩ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል፣ ጎማው ስር ድንጋይ አርጋችሁ በራሱ እስኪበርድ ጠብቁ።

ዮኒ፦ ጋሼ ግን በፍሪ ስወርድ ነዳጅ እቆጥባለሁ።

መንገዱ፦ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ? ቁልቁለት በፍሪ አይወረድም! ደግሞ አትቆጥብም። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ነዳጁን ይዘጋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፍሪ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማጠጣት አለበት። ነዳጅ ጨምረህ ፍሬንህን ነው የምታቃጥለው።

ካሌብ፦ የቆዩ ሹፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላሉ። ልክ ነው?

መንገዱ፦ ለድሮ መኪና ልክ ነበር። አሁን ያሉት ሞተራቸው ጠንካራ ነው፣ በአምስተኛ የሚወጡትን ዳገት በአምስተኛ ከወረዱ ሞተሩ ይዞ አያስቀርም። ከወጣህበት ዝቅ አድርገህ ጀምር። ደግሞ ከጫፍ ሳትነሳ አስገባ፣ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብትል ላይገባልህ ይችላል፣ ከወጣና ካልገባ ደግሞ በፍሪ ነህ።

ባለ ተሳቢው፦ ጋሼ እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ ፍሬን አያያዙ ላይ ግን አንተና እኔ እንለያያለን። አንተ ጠንከር አርገህ ረግጠህ ከፍጥነትህ 10 ያህል ቀንስና ልቀቅ ነው የምትለው። ይሄ ቶሎ ቶሎ ከሆነ የአየር ፍሬን አየሩን ይጨርሳል። እኔ ለስለስ አርጌ ይዤ እወርዳለሁ።

መንገዱ፦ ለስለስ አርገህ ስትይዝ ግን ሁሉም ጎማ እኩል አይይዝም፣ የተስተካከሉት ሁለት ሶስቱ ብቻቸውን ሲሰሩ እነሱ ናቸው የሚጋዩት። ጠንከር ስትል ሁሉም ይሳተፋል።

ባለ ተሳቢው፦ ፍሬኑ በደንብ ከተስተካከለ ይሄ ችግር አይኖርም።

መንገዱ፦ ከተስተካከለ። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ስንት ሰው ያየዋል? አየር አለቀ የሚለው ግን እውነት ነው፣ ጌጁ እየወረደ ከሆነ ማርሽህ ትልቅ ነው ማለት ነው፣ ቆመህ ከዝቅተኛ ጀምር።

ባለ ተሳቢው፦ እኔ አሁንም በለስላሳው ነኝ።

ፌቨን፦ ጋሼ ተራራ ላይ ስንት መሄድ ነው ጥሩ?

መንገዱ፦ የቱ ተራራ? ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ተጭነሽ ነው ባዶ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ፌቨን፦ ወደ ታች፣ ባዶ የቤት መኪና፣ ብዙ ዙር ያለው።

መንገዱ፦ አሁን ገባኝ። ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አትተዪው፣ ዝቅተኛውን ምረጪ። ከዙሩ በፊት ቀጥታው ላይ ፍሬን ጨርሺ፣ ዙሩ ውስጥ አትርገጪ። ከኋላሽ የሚቸኩል ካለ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገሽ አሳልፊው።

ሳምሪ፦ ስልኬ ካርታ ላይ 25 ደቂቃ ይለኝ ነበር ግን።

መንገዱ፦ ከፊትሽ ተሳቢ ነበር?

ሳምሪ፦ ሁለት።

መንገዱ፦ 17 ኪሎ ሜትር ከተሳቢ ኋላ በ25 ስትሄጂ 40 ደቂቃ ነው። መቅደሚያ ቦታ ከሌለ ሌላ ሂሳብ የለውም።