የነጭ ሰሌዳ ፎቶ፦ ነጸብራቅና ጥላ (ጥያቄና መልስ)

ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ጠዋት የማነሳው ፎቶ መሃሉ ነጭ ሆኖ ጽሑፉ ይጠፋል። በኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ያ ነጭ ነገር የመስኮትህ መልክ ነው፤ ሰሌዳው እንደ መስታወት ወደ ካሜራው መልሶታል። እኔ x² − 5x + 6 = 0 ብዬ የጻፍሁበት ፎቶ ላይ ነጸብራቁ ያረፈው በትንሿ 2 ላይ ነበር። ከፎቶው የገለበጡት ልጆች x − 5x + 6 = 0 ሠርተው 1.5 አመጡ፤ ትክክለኛው መልስ 2 እና 3 ነው። ልጆቹ አልተሳሳቱም። ፎቶው ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ብርሃን ይመዘግባል፤ እዚያ ቦታ ማርከሩም ሰሌዳውም 255 ሆነዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂድ፤ ነጸብራቁ ቦታ ይለውጣል፣ ጽሑፉ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ከሁለት ቦታ ካነሳህ አንዱ የሸፈነውን ሌላው ያሳይሃል። ሰሌዳው ሳይጠረግ ፎቶውን አጉልተህ አንብብ!

ከደብረ ሲና፦ ፍላሽ ቢበራ ጥላው ይጠፋል፤ እኔ ሁልጊዜ አበራለሁ።

መልስ፦ ጥላውን ማቅለሉ እውነት ነው። ፊት ለፊት ቆመህ ካበራኸው ግን መሃል ላይ ሌላ ነጸብራቅ ትፈጥራለህ። ጥላ ይሻላል፤ ጥላ ያደበዝዛል እንጂ አያጠፋም። ብርሃን ባለበት ሰሌዳው 200፣ ማርከሩ 60 ቢሆን፣ በጥላው ውስጥ ሰሌዳው 90፣ ማርከሩ 27 ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ማርከሩ የሰሌዳው ሦስት አሥረኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ በዙሪያው ላለው የሰሌዳ ብርሃን ስታካፍለው ጥላው ይለቅቃል፣ ጽሑፉ ይቀራል። የሚያበላሸው ለመላው ፎቶ አንድ መለያ ቁጥር መስጠት ነው፦ «ከ100 በታች ጥቁር» ካልህ 90 የሆነው ባዶ ሰሌዳ በሙሉ ይጠቁራል።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኛ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ጠመኔው ደብዝዞ ይታያል።

መልስ፦ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አጥቡት።

ከመሐል ሜዳ፦ መጋረጃ መዝጋት አይቀልም?

ከደብረ ሲና፦ ክፍሉ ይጨልማል፤ ፎቶው ይንቀጠቀጣል።

ከመሐል ሜዳ፦ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ብታስደግፈው አይንቀጠቀጥም። እኛ ጋ እንዲያ ነው የምናደርገው።

ከደብረ ሲና፦ ሠላሳ ተማሪ ተራ በተራ ጠረጴዛ ላይ ሊያስደግፍ ነው?

መልስ፦ በዚህ አልፈርድም፤ የየክፍሉ መስኮት ይለያያል። ብቻ መጋረጃ ዘግታችሁ የጣሪያውን መብራት ብታበሩ እሱም ያንጸባርቃል።

ከአንኮበር፦ የጠፋ ጽሑፍ የሚመልስ መተግበሪያ የትኛው ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። 255 የሆነውን የሚመልስ የለም። ጠፋ የሚሉት በጥላ ነው ወይስ በነጸብራቅ? ይህን ሳይነግሩኝ ምን ልበል? ሰሌዳው ካልተጠረገ አሁኑኑ ሄደው ከጎን ያንሱት።

ከአንኮበር፦ ተጠርጓል።

መልስ፦ እንግዲያው ከተማሪዎቹ ደብተር ይፈልጉት።