የሰልፊው ፊት ከስቱዲዮው ፎቶ ጋር አልገጥም ሲል

«እናቴን ሳቢያን ስቱዲዮ ወስጄ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አስነሳኋት። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ ሰልፊ ላከልኝ። አንድ ፎቶ ላይ አብረው እንዲታዩ ፎቶሾፕ ውስጥ ጎን ለጎን ሳደርጋቸው የሱ አፍንጫ ገዝፎ፣ ጆሮው ጠፍቶ፣ ትከሻው ጠቦ ሌላ ሰው መሰለ። ሌንስ ኮሬክሽን ሞከርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?» ከድሬዳዋ

አቦ፣ ሌንስ ኮሬክሽኑን ተወው። እሱ የሚያቃናው የጎበጠ መስመር ነው፤ የበር መቃን፣ የግድግዳ ጠርዝ። ፊቱን እንዲህ ያደረገው ርቀቱ ነው። ስልኩ ከአፍንጫው ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነበር እንበል። ጆሮ ከአፍንጫ ጫፍ ወደ ኋላ 12 ሳንቲ ሜትር ግድም ስለሚሆን ከስልኩ 52 ይርቃል። 52ን ለ40 ስታካፍለው 1.3 ይመጣል፤ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር 30 በመቶ ገዝፏል ማለት ነው። እናትህን ያነሳው ሰው 2 ሜትር ላይ ከቆመ ግን 212 ለ200 ነው፣ 6 በመቶ ብቻ።

መጠናቸውን ስታመሳስል በጭንቅላት ቁመት አትለካ፣ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መሀል ባለው ርቀት ለካ። እሱ ከአዋቂ አዋቂ ብዙም አይለያይም። ይሄን ስታደርግ የወንድምህ ፊት ዙሪያው ጠበብ ብሎ ይታይሃል፣ አትደንግጥ፣ ዓይኑም ከጆሮው ይልቅ ለስልኩ ቅርብ ስለነበር ነው።

አሁን የወንድምህን ሌየር Smart Object አድርገህ Liquify ክፈት፣ በኋላ መመለስ እንድትችል። ሁሉም ሰው የሚሮጠው Nose Width ላይ ነው። አፍንጫውን ብቻ ካሳነስክ ግን የተቆነጠጠ ይመስላል። ግማሹን ሥራ ለ Face Width ስጠው፤ አፍንጫውን ትንሽ ቀንስ፣ ፊቱን ትንሽ አስፋ፣ እየተፈራረቁ። መብዛቱን የምታውቀው መነጽር ካለው ፍሬሙ ሲጎብጥ፣ ወይም የጺሙ ጸጉር ወደ ጎን ሲለጠጥ ነው። እዚያ ስትደርስ ተመለስ።

ጆሮውን ግን በመለጠጥ አታመጣውም። ጉንጩ ሸፍኖት ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ነው።

ለትከሻው ከአንገት በታች ያለውን ለብቻው ሌየር አድርገህ 10 በመቶ ያህል አሳድገው፣ ስፌቱን የሸሚዙ ኮሌታ ስር ደብቀው። ከዚያ ወንድምህን ከእናትህ ትንሽ ወደ ኋላ አቁመው፤ አንዱ ትከሻው በነጠላዋ ይሸፈናል፣ የቀረው ጥበትም ከኋላ ስለቆመ ነው ይባላል። የስልክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ሳይቀር ጥርት ያለ ስለሚሆን ጀርባውን ቆርጠህ ጣልና የእናትህን ጀርባ ተጠቀም።

ይሄን ሁሉ ከመልፋትህ በፊት ግን ደውልለት። ሌላ ሰው በስልኩ የኋላ ካሜራ፣ 2 ሜትር ርቆ፣ 2x ዙም አድርጎ፣ በዓይኑ ትክክል ከፍታ ያንሳው። መስኮት አጠገብ ይቁም፣ ብርሃኑም እናትህ ላይ በወደቀበት ጎን ይምጣ። ይሄ ከመጣ Liquifyን መክፈትም አያስፈልግህ።