ላዩ ደረቅ፣ ታቹ ረጥቦ፦ ውሃ ከማጠጣት በፊት አፈር መፈተሽ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ የአበባዬ ላይኛው አፈር ድርቅ ብሏል፣ ቅጠሉም ቢጫ እየሆነ ነው። በሁለት ቀን አንዴ አጠጣለሁ። ልጨምርለት?

መልስ፦ ለጊዜው አትጨምሪለት። ላይኛው አፈር አየር ስለሚያገኘው ቀድሞ ይደርቃል። አብዛኛው ሥር ያለው ደግሞ ከሱ በታች ነው። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፤ አምስት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቀዝቀዝ ካለሽና አፈር ተጣብቆ ከወጣ እርጥበት አለ ማለት ነው። ማሰሮው ግን ምን ያህል ይጠልቃል?

ጥያቄ፦ ወደ 30 ሴንቲሜትር። ጣቴ የነካው ሁሉ ደረቅ ነው። በቃ ላጠጣ?

መልስ፦ ገና ነው። ጣትሽ የደረሰው የጥልቀቱ አንድ ስድስተኛ ጋ ብቻ ነው። ትንሽ ማሰሮ ቢሆን ይበቃ ነበር፤ እዚህ ግን የእንጨት ስንጥር ያስፈልግሻል። ቀለም ያልተቀባና ደረቅ ይሁን። በግንዱና በማሰሮው ጠርዝ መሃል ላይ ቀስ ብለሽ እስከ ታች ስደጂው። ጠንካራ ነገር ከገጠመሽ ሥር ሊሆን ስለሚችል አትግፊው፣ ቦታ ቀይሪ። አስር ደቂቃ ተይውና አውጪው። በደረቅ አፈር ውስጥ የነበረው ክፍል እንደገባ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ አቧራ ቢኖረው እንኳ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። እርጥብ አፈር የነካው ክፍል ይጠቁራል፣ አፈርም ይይዛል።

ጥያቄ፦ አደረግኩት። ከላይ 7 ሴንቲሜትር ያህል ንጹሕ ነው። ከዚያ በታች ጥቁር ነው፣ ጫፉም ይሸታል።

መልስ፦ ቢጫው ቅጠል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ውሃ ሞልቶበት የከረመ አፈር ውስጥ አየር አይኖርም። ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ሲጠወልግ አይቶ ውሃ ይጨምርበታል።

ከስር ሳህን ካለው ውሃውን ድፊ። የማሰሮው ቀዳዳ አለመደፈኑንም እዪ። ስንጥሩ እስከ ግማሽ፣ ማለትም እስከ 15 ሴንቲሜትር ድረስ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አታጠጪ። በየሦስት ቀኑ ፈትሺ። ሽታው ካልለቀቀ ግን ተክሉን አውጥተሽ ሥሩን መንካት አለብሽ። ጤነኛ ሥር ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ቡናማና ልፍስፍስ ነው፤ ሳብ ሲያደርጉት ልጣጩ ተገፎ ቀጭን ክር ይቀራል። እሱን ቆርጠሽ ጣዪና ተክሉን አዲስ አፈር ውስጥ ትከዪው።

ጥያቄ፦ እኔ ከስር ጠጠር ስለማደርግ ውሃ አይቋጥርም። ስንጥር ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ቀዳዳው እንዳይደፈን ማሰብህ ልክ ነው። ውሃው ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክረህ አውጣና አቁመህ ያዘው። መንጠባጠቡን ሲያቆም የታችኛውን ጫፍ ጨመቅ አድርገው፤ ገና ውሃ አለው። አፈርም እንደዚያው ነው። ጠጠር ስታደርግ ያ እርጥብ ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይሆናል፤ ወደ ሥሩ ይበልጥ ይቀርባል ማለት ነው። ስንጥርህ ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አፈር አንብብ።

ጥያቄ፦ የእኔስ ተቃራኒ ነው! ትናንት አጠጥቼ ዛሬ ስንጥሩ ደርቆ ወጣ። ውሃው ከስር ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ አፈሩ ከመጠን በላይ ደርቆ ከማሰሮው ግድግዳ ተላቋል ብዬ እገምታለሁ። ጠርዙ ላይ ክፍተት አለ? ውሃው በዚያ ሾልኮ ይወርዳል፣ መሃሉን አይነካም። ማሰሮውን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጠው፤ ከስር ይስባል። ከዚያ በደንብ አንጠፍጥፈው። በነጋታው መሃሉ ላይ እንደገና በስንጥር ፈትሽ።

ጥያቄ፦ የእኔ ስንጥር ሁልጊዜ ጥቁር ነው።

መልስ፦ አሮጌ እድፍ ይሆናል። ሁለት ይኑሩሽ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦ እኔ ዝም ብዬ ማሰሮውን አንስቼ በክብደቱ አውቃለሁ። ይሻላል።

መልስ፦ በአንድ እጅ ለሚነሳ ማሰሮ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ለትልቁ አይሆንም። በቅርፊት ቁርጥራጭ ለተተከለ ኦርኪድም ከስንጥር ክብደቱ ይሻላል። በቁርጥራጮቹ መሃል ብዙ ክፍተት ስላለ ስንጥሩ ምንም ሳይነካ ደርቆ ሊወጣ ይችላል። ኦርኪድ ላይ ሌላ ዘዴ የሞከረ ካለ ይጻፍልን፤ መስማት እፈልጋለሁ።