እጅ ከማውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ከመካከላችሁ ጥቂቶቹ ለአክሲዮን ማኅበር ቦርድ መመረጣችሁን ሰማሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። አንድ የቆየ ጉዳይ ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው። አንድ የበቆሎ ንግድ ማኅበር መጋዘን ፈለገ። ቦርዱ 7 ሰው ነው፤ እኔ የሕግ አማካሪያቸው ነበርኩ። በወር 70,000 ብር፣ ለ2 ዓመት፣ ተስማሙ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል። በዓመቱ ኦዲተሩ የኪራይ ውሉን ሲያገላብጥ የአከራይዋን ስም አየ። የአንዱ የቦርድ አባል ባለቤት ናት። ሰውየው ምንም ሳይናገር እጁን አውጥቶ ነበር።

የሰውየው መልስ «መጋዘኑ ጥሩ ነው፣ ማን ተጎዳ?» የሚል ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ያኔ የነበረው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ ዳይሬክተር፣ ማለትም የቦርድ አባል፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከማኅበሩ ጋር ሲዋዋል ቦርዱ አስቀድሞ እንዲፈቅድና ለኦዲተሮች እንዲነገር ይጠይቃል። ኦዲተሮቹም ለጠቅላላ ጉባኤው ልዩ ሪፖርት ያቀርባሉ። ማኅበሩ ለማንኛውም ደንበኛ በሚሸጥበት ዋጋ አንድ ኩንታል በቆሎ ብትገዙ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። በሚስት ስም የተፈረመ ውል «በተዘዋዋሪ» ለሚለው ቃል ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል፤ ጥቅምን የመግለጹ ግዴታ ግን አልላላም።

ደግሞስ ፍኖተ ሰላም ላይ ከማን ጋር አትዛመዱም? ዝምድናው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ዝምታው ነው። ሰውየው አጀንዳው ሲነሳ «መጋዘኑ የባለቤቴ ነው» ብሎ ከክፍሉ ቢወጣ፣ የቀሩት 6ቱ የሦስት መጋዘን ዋጋ ያስመጡ ነበር። ሁሉንም በቃለ ጉባኤ አስፍረው ለኦዲተሩ ቢጽፉለት ደግሞ ጥያቄው ያኔውኑ ይዘጋ ነበር።

ኋላ ስናጣራ፣ ውሉ በተፈረመበት ወቅት እዚያው ጎን ያለ ተመሳሳይ መጋዘን በ55,000 ይከራይ ነበር። የወር ልዩነቱ 15,000፤ በ24 ወር 360,000 ብር። ባለጉዳዩ ዓመት ሙሉ የወሰደውን 180,000 መለሰ፤ የቀረውም ዓመት ኪራይ በ55,000 ሆነ።

ለ6ቱ ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። «አላወቅንም» አሉ። ጥፋት ከተገኘ ዳይሬክተሮች በአንድነትም በነጠላም ይጠየቃሉ፤ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጋቸውን ማስረዳትም የራሳቸው ሸክም ነው። የአከራይን ስም ሳያነቡ ውል ያጸደቁ ሰዎች ምን ብለው ያስረዳሉ? እኔም ብሆን ስሟን አንብቤ ዝም ብያለሁ። ያገሬ ሰው ነው ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ።

ከ6ቱ አንዱ፣ ሻይ ላይ «ዋጋው በዝቷል» ብሎ አጉረምርሞ ነበር። ተቃውሞውን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ወዲያው ለኦዲተር አሳውቆ ቢሆን ሕጉ ከለላ ይሰጠው ነበር። «አንተ ራስህ ሰምተኸኛል እኮ!» አለኝ። ሰምቼዋለሁ። እኔው የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ግን «በሙሉ ድምፅ» ይላል።