ለጥር አገር ቤት የምትሄዱ፣ ካርዳችሁን ስቴትመንቱ ሳይዘጋ ክፈሉት

እንደምን ከረማችሁ የጎጃም ልጆች፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ። ገናና ጥምቀት አልፎ፣ የጥር ሰርግ ተበልቶ፣ ሰው ከደብረ ማርቆስ ከፍኖተ ሰላም ከሞጣ መመለስ ሲጀምር በየዓመቱ አንድ አይነት ጥያቄ ይመጣብኛል። "አንድም ቀን የክሬዲት ካርድ ክፍያ አሳልፌ አላውቅም፣ ሁሌ ሙሉውን ነው የምከፍል፣ ታዲያ ክሬዲት ስኮሬ ለምን ወረደ?" ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ አላሳለፉም። ግን መክፈላቸውና ባንኩ የሚያየው ባላንስ የተለያየ ነገር መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም፣ እኔም ዛሬ ይሄንኑ በደንብ ላስረዳችሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ፣ የቢቸና ልጅ ነው፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ ስሙን አልጠራም። ሁለት ካርድ አለው፣ አንዱ ሊሚቱ 5,000 ዶላር ሌላኛው 3,000። በወር የሚያወጣው ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ለሱና ለሚስቱ ትኬት በ3,400 ቆረጠ፣ ለእናቱ ስልክ ለታናናሾቹ ጫማና ልብስ ሲል 700 ጨመረ፣ ሁሉንም በትልቁ ካርድ ነው ያደረገው። የወር ወጪውን በትንሹ ካርድ ስላደረገ እዛ ላይ ያለው 300 ዶላር ነው። ጃንዋሪ 3 በረረ፣ ለገና ቢቸና ደረሰ። ትልቁ ካርድ ላይ 4,100 ዶላር እንዳለ ተቀምጧል፣ ገንዘቡ ግን ባንክ አካውንቱ ውስጥ አለ፣ ኦቶፔዩም ሙሉውን እንዲከፍል ተደርጓል፣ ስለዚህ ምንም አላሳሰበውም።

አሁን ቀኖቹን ተከተሉኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ቀኖቹ ላይ ነው። የካርዱ ስቴትመንት የሚዘጋው በየወሩ በ6 ነው። መክፈያው ቀን ማለትም ዱ ዴቱ ደግሞ በ31 ነበር። ጃንዋሪ 6 ስቴትመንቱ ሲዘጋ ባንኩ በዛች ቀን ያለውን ባላንስ፣ 4,100ን፣ ወደ ክሬዲት ቢሮዎቹ ላከ፣ ማለትም ለኢኪፋክስ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን። ጃንዋሪ 31 ኦቶፔዩ ሙሉውን ከፈለ፣ አንድ ሳንቲም ወለድ የለም፣ የዘገየም የለም። ክሬዲት ሪፖርቱ ላይ ግን አሁንም የሚነበበው 4,100 ነው፣ ምክንያቱም ባንኩ ቀጣዩን ቁጥር የሚልከው ፌብሩዋሪ 6 ሲዘጋ ነው። ልጁ ፌብሩዋሪ 1 ተመለሰ፣ መኪናው ከመሄዱ በፊትም ሲያስቸግረው ስለነበር ፌብሩዋሪ 3 ዲለር ዘንድ ሄደ። አበዳሪው ሪፖርቱን ሲያወጣ ያየው ከ5,000 ሊሚት 4,100 የተበላበትን ካርድ ነው፣ 82 በመቶ ማለት ነው። ሁለቱ ካርዶች ሲደመሩ ደግሞ ከ8,000 ላይ 4,400፣ 55 በመቶ። የተሰጠው ወለድ ከጠበቀው በላይ ሆነበት፣ "ከፍያለሁ እኮ!" ብሎ አፑን ከፍቶ ዜሮ ባላንሱን ቢያሳያቸውም የኮምፒውተሩ ስኮር የሚሰራው ሪፖርቱ ላይ ባለው ነው።

ይሄ መቶኛ ነው ዩቲላይዜሽን የሚባለው፣ ሪፖርት የተደረገው ባላንስ ለሊሚቱ ሲካፈል። ስኮሩ በየካርዱ ለብቻም ያየዋል፣ ደምሮም ያየዋል፣ ስለዚህ አንዱ ካርድ እስከ አፉ ሞልቶ ሌሎቹ ባዶ ቢሆኑም ይጎዳል። ስኮሩን የሚያሰላው ፋይኮ የዕዳ መጠን ለሚለው ክፍል ከስኮሩ 30 በመቶ ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ዩቲላይዜሽን ደግሞ እዛ ውስጥ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ነገሩ የገበሬን ሀብት በነሐሴ ጎተራውን አይቶ እንደመገመት ነው፣ ያው ሰው በጥር ቢታይ ሌላ ነው፣ ገማቹ ግን የመጣባትን ቀን ብቻ ነው የሚጽፍ።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ነበር የሚሻለው? ያንኑ ገንዘብ፣ ያንኑ 4,100፣ ከመብረሩ በፊት ዲሴምበር 30 ላይ 3,900ውን ቢከፍል ጃንዋሪ 6 ላይ የሚላከው 200 ዶላር ነበር። 4 በመቶ። በድምሩም ከ8,000 ላይ 500፣ 6 በመቶ ገደማ። የቀረችዋን 200 ኦቶፔዩ በዱ ዴቱ ይጨርሳታል። ተጨማሪ ያወጣው ነገር የለም፣ ገንዘቡ አንድ ወር ቀድሞ ከአካውንቱ መውጣቱ ብቻ ነው፣ ያንን ያህል ጊዜ ብሩ እጁ ላይ መቆየት ካለበት ደግሞ ሌላ ነገር፣ የቤት ኪራይ እስኪጎድል ድረስ ለስኮር ብላችሁ አትክፈሉ።

ለምን 200 አስቀረ ብትሉኝ፣ እሱ ትንሹ ካርድ ላይ 300 ስላለው ትልቁን ሙሉ ቢከፍለውም ደህና ነበር። ግን ሁሉም ካርድ ዜሮ ሆኖ ሪፖርት ሲደረግ ስኮሩ በትንሹ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ካርድ ላይ ትንሽ ነገር ታይቶ ሌላው ባዶ ሲሆን ነው ከፍ የሚለው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አትጨነቁበት። እዚህ ጋ ግን አንድ የሚያበግነኝ ወሬ አለ፣ "ስኮር እንዲያድግ ባላንስ ማሳደር አለብህ" የሚሉት። ውሸት ነው! ስቴትመንቱ ላይ 200 መታየቱና ያንን 200 ሳይከፍሉ ወደሚቀጥለው ወር ማሻገር አንድ አይደለም። ሁለተኛው ወለድ ያስከፍላል እንጂ ለስኮሩ የሚጨምረው ነገር የለም። ስንት የኛ ሰው በዚህ ወሬ በየወሩ ወለድ ሲገብር አይቻለሁ። 30 በመቶ የሚሏትም ቁጥር ልክ እንደ ገደል ጫፍ አይደለችም፣ 29 ሆኖ ደህና 31 ሆኖ ጥፋት የለም፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል፣ ብድር ልትጠይቁ ስትሉ ከ10 በታች ብታደርጉት ጥሩ ነው።

ቀኑን እንዴት እንደምታውቁት፣ የካርዱን አፕ ወይም ፒዲኤፍ ስቴትመንቱን ክፈቱና Closing Date የሚለውን ፈልጉ፣ አንዳንዱ Statement Closing Date ይለዋል። Payment Due Date ከሚለው ጋር እንዳታደባልቁት፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በሁለቱ መሀል ቢያንስ 21 ቀን አለ፣ የ2009 የካርድ ሕግ ያስገድዳል፣ ዱ ዴቱም በየወሩ በዛው ቀን መዋል አለበት። የሚዘጋበት ቀን ግን በአንድ ሁለት ቀን ሊንሸራተት ይችላል፣ ክፍያም በደንብ እስኪገባ ከአንድ እስከ ሦስት የስራ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ከመዝጊያው አራት አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ ክፈሉ፣ መሀል ላይ ቅዳሜና እሁድ ወይም የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካለ ደግሞ ትንሽ ጨምሩበት።

ሁሉም ባንክ በስቴትመንት ቀን አይልክም፣ አብዛኛው ነው እንጂ፣ አንዳንዱ በወሩ መጨረሻ ያለውን ባላንስ ነው የሚልከው። የናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ annualcreditreport.com ገብታችሁ ሪፖርታችሁን በነጻ አውጡት፣ በየሳምንቱ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ ካርድ ስር ባላንስና Date Reported ወይም Date Updated የሚል አለ። እዛ ላይ ያለውን ቁጥር ከስቴትመንታችሁ ጋር አስተያዩት፣ አንድ ከሆነ ባንካችሁ በስቴትመንት ቀን ነው የሚልከው ማለት ነው፣ ካልሆነ ቀኑን አይታችሁ ከዛ በፊት መክፈል ነው።

አንድ የሚያሰናክል ነገር አለ፣ አደራ ልብ በሉልኝ። ስቴትመንቱ ከመዘጋቱ በፊት የከፈላችሁት የሚመጣውን ስቴትመንት ክፍያ ተክቶ አይቆጠርላችሁም። በ30 ከፍላችሁ በ4 ደግሞ ሌላ ነገር ብትገዙ በ6 ሲዘጋ አዲስ ቢል ይመጣል፣ ሚኒመም ክፍያም ይኖረዋል፣ "አሁን በቅርቡ ከፍያለሁ" ብላችሁ ብትተዉት እንዳልከፈለ ነው የምትቆጠሩ። ከዱ ዴቱ 30 ቀን ያለፈው ክፍያ ሪፖርት ላይ ከገባ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል፣ ዩቲላይዜሽን ግን በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል። ስለዚህ ቀድማችሁ ብትከፍሉም ኦቶፔዩን አታጥፉት። አገር ቤት ለምትሄዱ ይሄ ባሰ፣ የአሜሪካ ሲማችሁ ደጀን ላይ ካልሰራ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ አይደርሳችሁም፣ ኢንተርኔቱም የሚገኝበትና የማይገኝበት ቀን አለ፣ ስለዚህ የምትከፍሉትን ክፈሉና ኦቶፔዩን ቼክ አድርጋችሁ ነው አውሮፕላን መሳፈር።

ይሄን ዓመቱን ሙሉ አድርጉ አልልም፣ አያስፈልግም። አሁን በብዛት የሚሰራባቸው የፋይኮ ስኮሮች የድሮውን ዩቲላይዜሽን አያስታውሱም፣ የሚያዩት መጨረሻ የተላከውን ብቻ ነው። ብድር ወይም የአፓርታማ ኪራይ ልትጠይቁ አንድ ሁለት ወር ሲቀራችሁ ነው ቀን መቁጠሩ የሚጠቅም። እንደ ፋይኮ 10ቲ እና ቫንቴጅስኮር 4.0 ያሉት አዳዲሶቹ ግን የ24 ወር አካሄዳችሁንም ስለሚያዩ፣ በእነሱ ላይ የአንድ ወር ማስተካከያ ብቻውን ያን ያህል አይሰራም፣ በየወሩ ከፍሎ መጨረስ ልማድ የሆነለት ሰው ነው የሚያምርበት።

ልጁ ምን ሆነ ላላችሁኝ፣ ያን ቀን አትፈርም አልኩት። ፌብሩዋሪ 6 ስቴትመንቱ ሲዘጋ ትልቁ ካርድ ላይ የነበረው 250 ዶላር ነበር፣ 5 በመቶ። አዲሱ ቁጥር ሪፖርት ላይ እስኪወጣ ጥቂት ቀን ጠብቆ፣ መውጣቱንም አይቶ ሲሄድ ስኮሩ ወደነበረበት ተመልሶ ነበር፣ የተሻለ ወለድ ተሰጠው።

ቤት እየገዛችሁ ከሆነና መጠበቅ ካልቻላችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ካርዱን ክፈሉና ከካርዱ ባንክ አዲሱ ባላንስ የተጻፈበት ደብዳቤ ወይም ማስረጃ ተቀብላችሁ ለሞርጌጅ አበዳሪያችሁ ስጡ፣ "ራፒድ ሪስኮር አድርጉልኝ" በሏቸው። በጥቂት የስራ ቀን ውስጥ ቢሮዎቹ ጋ እንዲታደስ ያደርጋሉ። ይሄን እናንተ ራሳችሁ ማዘዝ አትችሉም፣ በአበዳሪው በኩል ብቻ ነው። ከተፈቀደላችሁም በኋላ ቤቱ እስኪፈረም ድረስ ሶፋና ቴሌቪዥን በካርድ አትግዙ፣ አበዳሪው ከመፈረሙ በፊት ሪፖርቱን እንደገና ሊያየው ይችላል።