«እስከ መጨረሻው ታገለ» ከማለታችሁ በፊት

ለወጣት የስፖርት ጸሐፊዎች

ልጆቼ፣ ያሳያችሁኝን የሩጫ ዘገባዎች ሁሉንም አንብቤአለሁ። ከአንዱ በቀር በሁሉም ውስጥ አትሌቱ «በጀግንነት ተፋልሟል»፣ «አንገት ለአንገት ተናንቋል»፣ «እስከ መጨረሻው ታግሏል»። እነዚህ ቃላት ከፉከራና ከቀረርቶ የወረስናቸው ናቸው፤ እዚያ ያምርባቸዋል። ፎካሪው ግን የሚያሞካሸውን ሰው አድማጩ ያውቀዋል፤ የእናንተ አንባቢ ደግሞ ውድድሩን ላያየው ይችላል።

አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ላይ የአትሌቱን ስም ሰርዙና የሌላ አትሌት ስም ተኩበት። ሩጫውንም ቦክስ አድርጉት። ዓረፍተ ነገሩ አሁንም ያለ እንከን የሚነበብ ከሆነ ስለዚያ ውድድር ምንም አልነገራችሁንም ማለት ነው።

ሁላችሁም የምታውቁትን ውድድር እንውሰድ፤ የ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜን። «ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ አሸነፈ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሐሰት የለበትም። አሁን ሰዓቱን እንመልከት፦ ኃይሌ 27:18.20፣ ቴርጋት 27:18.29። ልዩነቱ ከሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ ብቻ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውን ሞሪስ ግሪንን ከሁለተኛው አቶ ቦልደን የለየው 12 መቶኛ ነበር። ሃያ አምስት ዙር የሮጡት ሁለቱ ሰዎች አንድ ቀጥታ ከሮጡት ይልቅ ተቀራርበው ገቡ ማለት ነው። ይህን ለጻፈ ሰው «ልብ አንጠልጣይ» የሚለውን ቃል መጨመር አያስፈልገውም።

ሰዓት ግን ለብዙ አንባቢ ባዶ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ወደ ርቀት ለውጡት። ሯጭ የመጨረሻውን 100 ሜትር በ13 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል ብንል በሰከንድ ከሰባት ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ደግሞ ሰባ ሳንቲሜትር ያህል። ይህን አንባቢው በክንዱ ሊለካው ይችላል። ስሌቱ ግምት ስለሆነ «ያህል» ማለትን አትርሱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሐረጉ ከሁሉ ይበልጥ የሚሸፍነው ነገር ነው፤ ለምን እንዲህ ሆነ? ቴርጋት ከአራት ዓመት በፊት በአትላንታ በዚሁ ርቀት በኃይሌ ተሸንፏል፤ የኃይሌን አጨራረስ ያውቃል። በሲድኒ 250 ሜትር ገደማ ሲቀር እሱ ራሱ ቀድሞ ተፈተለከ። ኃይሌ ክፍተቱን መዝጋት ነበረበት፤ የቀደመውም መስመሩ ሊደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀር ነው። እንግዲህ ታሪኩ በሁለት ውሳኔዎች ላይ ቆሟል፤ የአንዱ መቼ መነሣት፣ የሌላው ሳይደናገጡ መከተል። «ተናነቁ» ስንል ሁለቱንም ውሳኔዎች እንሰርዛቸዋለን፤ የተሸነፈው ሰው ያሰበበት ዕቅድም አብሮ ይጠፋል። እኔን የሚያናድደኝ ይህኛው ነው።

እንዲህ ለመጻፍ ማስታወሻ አያያዛችሁ መለወጥ አለበት። በእያንዳንዱ ዙር የመሪውን ስምና ሰዓት ጻፉ። ደወል ሲደወል ስንት ሰው አብሮ እንዳለ ቁጠሩ። ማን፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን እንደለወጠ ምልክት አድርጉ። ውድድሩ ካለቀ በኋላ እነዚህን ከትዝታ ለማውጣት የሞከረ ሰው መጨረሻው «በጀግንነት ተፋለመ» ላይ ነው፤ ያየው ነገር ስላለቀበት።

የቀጥታ ስርጭት አስተላላፊዎችን በዚህ አልከስም። ምላሳቸው ከእግር ጋር እየተሽቀዳደመ ስለሆነ የተዘጋጀ ሐረግ ትንፋሽ መሰብሰቢያቸው ነው። ለነገ ጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ግን ይህ ምክንያት የለውም። አሮጌውን ሐረግ በአቦሸማኔና በመብረቅ መተካትም መፍትሔ አይደለም፤ እነሱም ከእኔ ዕድሜ ይበልጣሉ። ሯጩ ያልነገራችሁን ስሜቱንም አትጻፉለት። ውድድሩ ቀዝቃዛ ከነበረ ደግሞ ቀዝቃዛ ነበር በሉና በአጭሩ ቋጩት።

ከሁለቱ ጀርባ ደግሞ ማን እንደገባ ተመልከቱ። በሲድኒ አሰፋ መዝገቡ በ27:19.75 ሦስተኛ ሆነ። ኬንያዊው ፓትሪክ ኢቩቲ 27:20.44 ገብቶ አራተኛ ነው። በነሐስና በባዶ እጅ መካከል የነበረው ርቀት በዚያው ስሌት አምስት ሜትር ያህል ነበር፤ ለዚህ ሌላ ውድድር ሁለት ዓረፍተ ነገር የሰጠ ዘገባ ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል።